ከቀድሞ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ

ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚያመለክት ሰው በሥራ ዓለም ከቆየ፣ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ የቀድሞ አለቃው የሚጽፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ደጋፊዎችን፣ የአሜሪካው ፉልብራይት ደግሞ ሦስት ደብዳቤዎችን ይጠይቃል። ብዙ አመልካቾች ይህን ደብዳቤ ከሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር ያምታቱታል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መብት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የድጋፍ ደብዳቤን ግን ማንም እንዲጽፍ አይገደድም። አንድ ሰው ያየውን መስክሮ ስሙንና ፊርማውን የሚያኖርበት የግል ውለታ ስለሆነ፣ አጠያየቁም ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው ማን ይጠየቅ የሚለው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ያለው ልማድ ከፍተኛውን ሹም መፈለግ ነው፤ የዋና ሥራ አስኪያጅ ፊርማ ክብደት ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። አወዳዳሪዎቹ በሚልኩት ቅጽ ላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች መካከል «አመልካቹን ምን ያህል ጊዜ ያውቁታል? በምን ሁኔታ?» የሚሉት ይገኛሉ። አመልካቹን በዓመት ሁለቴ በስብሰባ ያየ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ባዶ ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት የተቀበለ፣ ስህተት ያረመ፣ መስክ አብሮ የወጣ የክፍል ኃላፊ የሚጽፈው ይሻላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ ሌላ ቦታ ቢሄድም እንኳ።

ጥያቄው በስልክ ወይም በአካል ቢቀርብ ይመረጣል። በኢሜይል ብቻ ድንገት የመጣ ጥያቄ ሥራ ለበዛበት ሰው በቀላሉ ይዘነጋል፤ ለብዙ አንጋፋ ኃላፊዎችም እንደ ክብር ማጣት ይቆጠራል። ጊዜው ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ቢል መልካም ነው። ከሁሉ በላይ ጥያቄው እምቢ ለማለት በር የሚከፍት መሆን አለበት። «ይጻፉልኝ» ከማለት ይልቅ «ስለ ሥራዬ በጥሩ ሁኔታ ለመጻፍ የሚያስችል ነገር አይተዋል ብለው ያስባሉ? ጊዜ ከሌለዎትም እረዳለሁ» ማለት ይሻላል። በይሉኝታ የተገኘ ደብዳቤ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ደብዳቤ ደግሞ አመልካቹን ይጎዳዋል። መልሱ «እስቲ እናያለን» ከሆነ፣ ወይም ኃላፊው ስለ ትምህርቱ ምንም ሳይጠይቅ ወሬውን ወደ ሌላ ካዞረ፣ አመስግኖ ሌላ ሰው መፈለግ ነው።

ኃላፊው ከተስማማ በኋላ በማግስቱ አጭር መልእክት ይላክለታል፤ ዋናው ሥራ የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። አለቃው ከበርካታ ሠራተኞች ጋር ሠርቷል፣ ከተለያዩም ዓመታት አልፈዋል። ዝርዝሩን የሚያስታውሰው ከሌለ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። እነዚህ ቃላት ስለማንም ሊባሉ ስለሚችሉ አንባቢው ከእነሱ የሚያገኘው ነገር የለም።

ለምሳሌ በአንድ የክልል ከተማ የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ውስጥ ከመስከረም 2011 እስከ ሰኔ 2014 የሠራች መሐንዲስ በውኃ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ታመልክታለች እንበል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው በመረጃ ላይ ተመሥርቶ ችግር መፍታትንና ከተለያዩ ሰዎች ጋር ተግባብቶ መሥራትን ነው። በመጀመሪያው ረቂቋ ለቀድሞ የክፍል ኃላፊዋ «ትጋቴንና የቡድን ሥራ ችሎታዬን ቢጠቅሱልኝ» ብላ ጽፋ ነበር። ይህ ኃላፊው ራሱ ሊሰጥ የሚገባውን ፍርድ ከአፉ መንጠቅ ነው፤ የሚያስታውሰውም ነገር አይሰጠውም። አስተካክላ የላከችው እንዲህ የሚል ነው፦

«ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ? በስልክ እንደተነጋገርነው የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ታኅሣሥ 20 ነው። ፕሮግራሙ የሚያተኩርባቸውን ሁለት ነጥቦች ከታች አስቀምጫለሁ። ምናልባት ለማስታወስ ቢረዳዎት፣ በ2012 ከተሠራጨው ውኃ ገቢ የማያስገኘው 36 በመቶ ገደማ ነበር። የሰባቱን መስመሮች የወር ንባብ ለየብቻ እንድናወዳድር ሐሳብ ያቀረብኩት ያኔ ነው፤ ትልቁ ብክነት በገበያው ሰፈር መስመር ላይ እንደሆነ ያሳየንዎትን ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ነዋሪዎቹ ቆጣሪ እንዳይቀየር ሲቃወሙ እርስዎ የመሩት ስብሰባ ላይ እኔ ማብራሪያ ሰጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቶቼ ይረዝሙ እንደነበርና እንዳሳጠሩልኝም አስታውሳለሁ። ከነዚህ መካከል ተገቢ ያሉትን ብቻ፣ በራስዎ አመለካከት ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።»

መልእክቱ ቅጽል አይጠይቅም። ኃላፊው ዓይኑ ያየውን፣ ቀንና ቁጥር ያለውን ነገር ያስታውሰዋል፤ ሰንጠረዡ አብሮ ስላለም ቁጥሩን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ከዚህ ተነስቶ «ችግሩን በየመስመሩ ከፋፍሎ የማየት ሐሳብ የእሷ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ ላይ ጊዜ የሚያባክን መስሎኝ ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ ከእሱ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችለው ዓረፍተ ነገር ነው። አወዳዳሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለ ሪፖርቶቹ የተጠቀሰው ጉድለትም ቦታ አለው፤ ብዙ ቅጾች «አመልካቹ ሊያሻሽል የሚገባው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ መልስ ያጣ ኃላፊ ጥያቄውን ባዶ ይተወዋል፣ አለዚያም «ከልክ በላይ መሥራቷ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለቱም የደብዳቤውን ታማኝነት ይቀንሳሉ።

የሚመረጡት ነጥቦች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ በቂ ነው። ኃላፊው ያላየው ነገር ከነሱ መግባት የለበትም። መሐንዲሷ በሌላ ድርጅት የሠራችውን ጥናት እንዲያወድስላት ብትጠይቀው፣ ቢጽፍም ሰምቶ እንጂ አይቶ አይደለም። ሌላው ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ከሆነ የትምህርት ችሎታዋ ለእሱ ይተውና የሥራው ለአለቃዋ ይሆናል፤ ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ነገር ከደገሙ አንዱ ባክኗል። ትዳር፣ ሃይማኖትና የቤተሰብ ሁኔታም እንዲጠቀሱ አይጠየቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው «አንቺ ጽፈሽ አምጪልኝ፣ እፈርማለሁ» የሚለው መልስ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከመልካም ልብና ከጊዜ ማጣት፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ካለመድፈር ይመጣል። መቀበሉ ግን አደጋ አለው። አንዳንድ ተቋማት በአመልካቹ የተጻፈ ደብዳቤን በግልጽ ይከለክላሉ፤ ያልከለከሉትም የአመልካቹን ድርሰትና ደብዳቤውን ጎን ለጎን ስለሚያነቡ የአንድ እጅ አጻጻፍ ይታያቸዋል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ማስታወሻውን ሰጥቶ፣ ኃላፊው በአማርኛ አሥር ደቂቃ በስልክ እንዲናገር መጠየቅ ነው። የተናገረውን የሱ ጸሐፊ ወይም የሥራ ባልደረባው በእንግሊዝኛ ሊያሰናዳለት ይችላል፤ አንብቦ ያስተካክልና ራሱ ይልከዋል። ቃሉ የሱ ሆኖ ይቀራል፣ ቋንቋውም አያስቸግረውም።

የኢትዮጵያ አመልካቾችን በተለይ የሚያሰናክል አንድ ቀላል ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። በማመልከቻው የሥራ ዘመኗ ከመስከረም 2018 እስከ ሰኔ 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር ተብሎ ተጽፎ፣ አለቃው ከማኅደሩ ላይ 2011 እና 2014 ብሎ ቢገለብጠው፣ አውሮፓ ያለው አንባቢ ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ያገኛል። ያለ ማብራሪያ እንደ ሐሰት ሊወስደውም ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ተለውጠው ቢቀመጡ ይረዳል። ስምም እንደዚሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል በፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው መልክ ካልተጻፈ ደብዳቤው የሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። የሥራ መደቡ ስም ከሥራ ልምድ ማስረጃው ጋር አንድ መሆኑም ይታያል።

የቀድሞው አለቃ ራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ የዚያን ቤት ራስጌና ማኅተም መጠቀም አይችልም። ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ደካማ የሚመስላቸው አመልካቾች ሌላ ሹም ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ይህ አያስፈልግም። በራሱ ስም፣ አሁን የሚሠራበትን ቦታና በወቅቱ የነበረውን ኃላፊነት ጠቅሶ ቢጽፍ በቂ ነው። ዛሬ አብዛኛው ተቋም ማኅተም ከመፈለግ ይልቅ ለደጋፊው በቀጥታ የኢሜይል ማስፈንጠሪያ ይልካል፤ የሥራ ኢሜይል እንዲሰጥ የሚጠይቁም አሉ። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ከሌለው፣ በግል አድራሻ መጠቀም ይቻል እንደሆነ አመልካቿ ተቋሙን አስቀድማ ትጠይቃለች። ማስፈንጠሪያው በአይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ በተላከ ቀን ደውሎ መድረሱን መጠየቅ ነውር የለውም።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጽ ላይ አመልካቿ ደብዳቤውን የማየት መብቷን ትተወው እንደሆነ ትጠየቃለች። ጥያቄው የመጣው ተማሪዎች ስለራሳቸው የተያዙ መዝገቦችን እንዲያዩ መብት ከሰጠ የ1974 የአሜሪካ ሕግ ነው። መብቱን መተው የተለመደ ነው፤ ጸሐፊው በነፃነት ጽፏል ተብሎ ስለሚታመን ደብዳቤው ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ግን ኃላፊው የጻፈውን ኮፒ እንዲልክላት መወትወት አይገባም።

መዝጊያው አንድ ሳምንት ሲቀረው ማስታወሻ ይላካል፤ አጭር፣ ቀኑንና ማስፈንጠሪያውን የያዘ፣ ወቀሳ የሌለበት። ሦስት ቀን ሲቀር ምላሽ ከሌለ ስልክ ይደወላል። አንዳንድ የማመልከቻ ሥርዓቶች ደብዳቤው እስኪገባ ድረስ ደጋፊን መለወጥ ስለሚፈቅዱ፣ ሁለተኛ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መያዝ ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛውም ያው ማስታወሻ፣ እሱ ባያቸው ነገሮች ተስተካክሎ ይላካል። ደብዳቤው ሲገባ ምስጋና፣ ውጤቱ ሲታወቅ ደግሞ ቢሳካም ባይሳካም ዜናው ለኃላፊው ይነገረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ ማመልከት ቢያስፈልግ የሚጠየቀው ያው ሰው ነውና።