«ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ተማሪዎች እያወቁ ነጥብ የሚያጡበት ጥያቄ

በምርጫ ፈተናዎች ውስጥ ተማሪዎች ትምህርቱን እያወቁ ከሚሳሳቱባቸው ጥያቄዎች አንዱ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ከአራቱ አማራጮች ሦስቱ እውነት ሲሆኑ፣ መመረጥ ያለበት ሐሰት የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪዎች ከሦስቱ እውነቶች አንዱን መርጠው ያልፋሉ።

ለአብነት የሚከተለውን ጥያቄ መመልከት ይቻላል፦

ስለ ባቄላ ከተሰጡት ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?
ሀ. ባቄላ ከጥራጥሬ ሰብሎች አንዱ ነው።
ለ. በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳሉ።
ሐ. ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ በቀጣዩ ዓመት ስንዴ መዝራት ለስንዴው ይጠቅማል።
መ. የባቄላ ፍሬ እንደ ስንዴ ባለ አንድ ክክ ነው።

ባቄላ ሲከካ ለሁለት እንደሚከፈል በየቤቱ ይታወቃል። ስለዚህ ሐሰት የሆነው «መ» ነው። ሆኖም «ሀ»ን የሚመርጡ ተማሪዎች አይጠፉም። እነዚህ ተማሪዎች ባቄላ ጥራጥሬ መሆኑን አላጡትም፤ እንዲያውም የተሳሳቱት በማወቃቸው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ልማድ ነው። አብዛኞቹ የፈተና ጥያቄዎች ትክክለኛውን መልስ እንዲመርጡ የሚያዝዙ ስለሆኑ፣ የተማሪው አእምሮ እውነት የሆነውን ሲያገኝ «ይኸው መልሱ» ብሎ ማቆምን ለምዷል። «ሀ» ላይ እውነት ሲያገኝ የቀሩትን ሳያነብ ያጠቁራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቋንቋው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ አሉታው ራሱን የቻለ ቃል ሳይሆን በግሡ ውስጥ የሚገባ ነው። «ትክክል የሆነው» እና «ትክክል ያልሆነው» የሚለያዩት «የሆነው» «ያልሆነው» በመሆኑ ብቻ ነው፤ በጥድፊያ የሚያነብ ዓይን ይህን ልዩነት በቀላሉ ይዘልለዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ደግሞ «ኖት» የምትለው አጭር ቃል በረዥም ዓረፍተ ነገር መካከል ትሸሸጋለች።

ሦስተኛው የማስታወስ ጫና ነው። ተማሪው ጥያቄውን በትክክል ቢያነብም፣ አራት ረዣዥም አማራጮችን እስኪጨርስ ድረስ አሉታውን በልቡ መያዝ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የጥያቄው ርእስ፣ ማለትም ባቄላ፣ ሳይረሳ «ያልሆነው» የሚለው ይረሳል። ከአማራጮቹ አንዱ ራሱ አሉታ ሲይዝ ችግሩ ይብሳል። «ሐ» የሚለው «ባቄላ እንደ ስንዴ ብዙ የናይትሮጅን ማዳበሪያ አይፈልግም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ «አይፈልግም» የሚለውን ያየ ተማሪ «ትክክል ያልሆነው» ከሚለው ጋር አገናኝቶ ሊመርጠው ይችላል።

ስሕተቱ ከንባብ ይሁን ከዕውቀት ማነስ ለመለየት፣ የፈተና ወረቀቱ ሲመለስ ልጁን «ይህን ለምን መረጥኸው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ወላጅ ትምህርቱን ባያውቀውም ይህን መጠየቅ ይችላል። ልጁ «እውነት ስለሆነ ነው» ብሎ ከመለሰ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ያመለጠው ጥያቄው ነው። «ሐሰት መስሎኝ ነው» ካለ ግን ሊከለስ የሚገባው ትምህርቱ ነው። ለምሳሌ ባክቴሪያ በሽታ ብቻ የሚያመጣ የሚመስለው ተማሪ «ለ»ን በዚህ ምክንያት ሊመርጥ ይችላል።

የንባብ ስሕተትን ለመቀነስ የሚረዳው አሠራር አጭር ነው። ተማሪው በጥያቄ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ከተፈቀደለት «ያልሆነው» የሚለውን ያሰምርበታል። ከዚያም ጥያቄውን ለጊዜው ትቶ ከእያንዳንዱ አማራጭ ጎን «እ» ወይም «ሐ» ብሎ እውነትና ሐሰቱን ይጽፋል። ከላይ በተሰጠው ጥያቄ ምልክቶቹ «እ፣ እ፣ እ፣ ሐ» ይሆናሉ፤ ለብቻው የቀረው መልሱ ነው። ሦስት «ሐ» እና አንድ «እ» ከመጣ ጥያቄውን እንደገና ማንበብ ይገባል። ምልክቱ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ መደረግ የለበትም። በኮምፒውተር በሚሰጥ ፈተና ደግሞ ማስመር ስለማይቻል፣ ለማስሊያ በተፈቀደ ወረቀት ላይ አራቱን ፊደላት ጽፎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ግን ያልተጠናን ትምህርት አይተካም፤ የአማራጮቹን እውነትና ሐሰት የማያውቅ ተማሪ ምልክቱንም በግምት ነው የሚያደርገው።

ለመምህራን ይህን ዓይነት ጥያቄ ማውጣት ይቀልላል፤ ሦስት እውነት ከመጽሐፉ ወስዶ አንድ ሐሰት መጨመር፣ እውነት የሚመስሉ ሦስት ሐሰቶችን ከመፍጠር አያደክምም። የፈተና አዘገጃጀት መመሪያዎች ግን በተቻለ መጠን እንዲቀር፣ ካልቀረም አሉታው ጎልቶ እንዲታይ ይመክራሉ። የግእዝ ፊደል እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ቃሉን ማድመቅ ወይም ማስመር ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለው ጥያቄውን ማቅናት ነው፤ «የባቄላ ፍሬ ከስንዴ ፍሬ በምን ይለያል?» የሚለው ያንኑ ዕውቀት ያለ አሉታ ይመዝናል።