የሸማኔው እጆችና የተቆረጠው ቃለ ምልልስ

አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ የተናገረውን ለማሳጠር ከመሐል ያለውን ትርፍ ነገር አውጥተን የቀሩትን ጫፎች ስናጋጥም፣ ተናጋሪው ከነበረበት ድንገት ዘለል ያለ ይመስላል። ዘንበል ያለው አንገት ባንዴ ይቃናል፤ ጉልበት ላይ የነበረው እጅ አገጭ ሥር ይገኛል። ባለሙያዎች ጃምፕ ከት ይሉታል። ዐይን የሚታወከው ሁለቱ ምስሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ነው። ሰውየው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ የካሜራው ማዕዘንም ያው ሆኖ ሳለ ትንሽ ነገር ብቻ ስለሚለወጥ፣ ተመልካቹ ንግግሩን ትቶ ለውጡን ያያል። ፈረንሳዊው ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ሆን ብሎ ተጠቅሞበት ታውቆበታል። ረጋ ብሎ የሚያወራን ሰው በምንሰማበት ቪዲዮ ግን ይረብሻል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ድምፁ ሳይቋረጥ እየቀጠለ፣ ቁርጡ በሚገኝበት ቦታ ላይ ከተናጋሪው ፊት ሌላ ምስል ማሳየት ነው። በሙያው ቋንቋ ቢሮል ይባላል። ችግሩ ብዙ ሰው ስለ ቢሮል የሚያስበው ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከከፈተ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ የሚገኘው በችኮላ የተቀረጸ የአበባ ማስቀመጫ፣ የግቢ በር ወይም ከኢንተርኔት የተለቀመ የከተማ ምስል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምስል ቁርጡን ይሸፍናል እንጂ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ተመልካቹም ይህን ይረዳዋል። ጥሩ ቢሮል የሚታቀደው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስለሚሠሩ አንድ አንጋፋ ሸማኔ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ልንሠራ ነው እንበል። ቀደም ብለን በስልክ አነጋግረናቸው ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ ጥለት አሠራርና ሙያውን ስላስተማሯቸው አባታቸው እንደሚያወሩ ዐውቀናል። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለን በግራ በኩል የሚሉትን፣ በቀኝ በኩል የሚታየውን እንጽፋለን። «ክር ተወደደ» ከሚለው ትይዩ አጠቃላይ የገበያ ምስል አይጻፍም፤ የእሳቸው ክር በቀሰም ላይ ሲጠነጠን፣ የተረፈችው ትንሽ ልቃቂትም ሳትጣል ስትቀመጥ ይጻፋል። «ጥለቱ ጊዜ ይፈጃል» ከሚለው ትይዩ ጣቶቻቸው ድሩን እየቆጠሩ ሲያነሱ ይመጣል። ስለ አባታቸው በሚናገሩበት ቦታ የቀኙ ዐምድ ባዶ ሊቀር ይችላል። ክፍቱ ቦታ መታወቁ ራሱ ጥቅም አለው፤ ያን ክፍል በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆረጥ እንዲናገሩት ጥያቄውን አስተካክለን እንድናቀርብ ያስጠነቅቀናል።

በዕለቱ ቃለ ምልልሱ ይቅደም፣ ቢሮሉ ይከተል። ምክንያቱም ሰው ሲናገር ያልታሰበ ነገር ያመጣል። ሸማኔው በመሐል «ከእጄ ይልቅ ወገቤ ነው የሚደክመው» ቢሉ፣ ወረቀታችን ላይ የሌለ ምስል ተወለደ ማለት ነው። ጎንበስ ያለው ጀርባቸውና ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን የሚረግጡት እግሮቻቸው መቀረጽ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የጠሯቸውን ዕቃዎችና ሥራዎች ይመዝግብ። ወደ ቢሮል ሲገባ መመሪያው ያ ዝርዝር ይሆናል።

እያንዳንዱ ሥራ ከአንድ በላይ እይታ ይፈልጋል። መወርወሪያው በድሩ መሐል ሲያልፍ እጁን ብቻ በቅርበት፣ ቀጥሎ ሥራው ላይ ያተኮረውን ፊት፣ ከዚያ ሸማኔውንና ዕቃውን አንድ ላይ፣ በመጨረሻም በትከሻቸው በኩል እሳቸው የሚያዩትን እንቀርጻለን። ካሜራው ሳይነቃነቅ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ያህል ይያዝ። በቪዲዮው ላይ የሚገባው 3 ወይም 4 ሰከንድ ቢሆንም፣ እንቅስቃሴው ሲጀምርና ሲያልቅ ካልተያዘ መቁረጫ ቦታ ይጠፋል። ቢሮሉ ሲቀረጽ አለማውራታቸውም ይጠቅማል፤ ከንፈራቸው አንድ ነገር እያለ ድምፃቸው ሌላ ሲል ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። ልብሳቸውም አይለወጥ። ብርሃኑ የአምፖል ከሆነ በአገራችን ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን 1/50 ላይ ማድረግ ይሻላል። አለዚያ በምስሉ ላይ የሚሽከረከር ጥላ ወይም ብልጭታ ሊመጣ ይችላል።

ኤዲቲንጉ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ምስሉን ለጊዜው ረስተን ንግግሩ ለብቻው እንደ ሬዲዮ ዝግጅት እስኪፈስ ድረስ እንቆርጣለን። ከዚያ ቁርጦቹን እንቆጥራለን። በ4 ደቂቃው ውስጥ 18 ቁርጥ ተገኘ እንበል። ሁሉም ቢሮል አያስፈልጋቸውም። በ4ኬ ቀርጸን በ1080 የምናወጣ ከሆነ፣ ጥራቱ ሳይጎዳ ፊቱን አቅርበን ማሳየት ስለምንችል፣ ሐሳብ በሚቀየርበት ቦታ ከሩቁ ወደ ቅርቡ መሻገር ጥቂቶቹን ይፈታል። መጠኑ ግን በግልጽ መለወጥ አለበት፤ ትንሽ ብቻ ማቅረብ ዝላዩን ያብሰዋል እንጂ አይሸፍነውም። የቀሩት ቁርጦች አብዛኛውን ጊዜ ተቀራርበው ስለሚገኙ በአንድ ተከታታይ ቢሮል ሥር ሁለት ሦስቱን መሰብሰብ ይቻላል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቢሮሉን ልክ ቁርጡ ላይ አስጀምሮ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ያነሣዋል። ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር፣ የተደበቀ ነገር መኖሩን ራሱ ይናገራል። ሸማኔው «ድሩን አንድ በአንድ ነው የማነሣው» ሲሉ «ድሩን» ከሚለው ቃል ላይ ጣቶቹ ይምጡ። ቁርጡ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከሥሩ ይለፍ። ቀጥሎ ፊታቸው፣ ቀጥሎ የተጠናቀቀው ጥለት ይታይ፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ወደ ተናጋሪው እንመለስ። ተመልካቹ ያየው አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለሆነ ቁርጡን የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም። መጀመሪያ ላይ ግን ቢያንስ 10 ሰከንድ ያህል የሰውየው ፊት ይታይ፤ ማን እንደሚናገር ሳያውቁ እጅ ማየት ግራ ያጋባል።

ምስል ድምፅን እንደማይሸፍን መርሳት አይገባም። አንዱ ዐረፍተ ነገር መኪና ሲያልፍ፣ ሌላው በጸጥታ ከተቀዳ፣ ከጣቶቹ ሥር መጋጠሚያው ይሰማል። ስለዚህ ከቃለ ምልልሱ በኋላ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለ30 ሰከንድ መቅዳት ያስፈልጋል፤ በቁርጦቹ ሥር ሲነጠፍ ክፍተቱን ይሞላል። የመወርወሪያውና የመርገጫው ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲገባም ምስሉ ነፍስ ይዘራል።

ስለ አባታቸው ሲናገሩ ዐይናቸው እንባ ቢያቀርር ግን፣ ቁርጥ ቢኖርም እንኳ ፊታቸውን በሌላ ምስል መተካት ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ ላይ ዝላዩ ቢታይ ይሻላል፤ ተመልካቹ የሚፈልገው ፊታቸውን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተሸፈነ ቁርጥ ስለማይታይ፣ «ልጆቼ ይህን ሙያ እንዲይዙ አልፈልግም፣ ገቢው ካልተሻሻለ በስተቀር» ያሉትን ሰው «አልፈልግም» ላይ ቆርጦ የጥለት ምስል ማልበስ ቀላል ነው። ተመልካቹ የጎደለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቪዲዮውን ከማውጣታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ቢሮል ሥር ያለውን ንግግር ካልተቆረጠው ጋር አስተያዩ፤ ትርጉሙ ከተለወጠ የወጣውን ዐረፍተ ነገር ወደ ቦታው መልሱት።