ዶሮዋ በየቀኑ አትጥልም

በኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ የቡድን ፕሮጀክት ሲቀርብ የተለመደው አከፋፈል ስላይዱን ለአምስት መቁረጥ ነው። ጉዱ የሚታየው ጥያቄ ሲመጣ ነው፤ ሁሉም ወደ አንዱ ጎበዝ ይዞራል። የሚሻለው ከመጀመሪያው በጉዳይ መከፋፈል ነው፤ ገበያውን ያጠና ስለ ገበያ፣ ሒሳቡን የሠራ ስለ ሒሳብ ይመልሳል።

የ200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እቅድ እንውሰድ። ቡድኑ «በቀን 200 እንቁላል» ብሎ ከጻፈ መምህሩ እዚያው ይይዘዋል፤ ጥሩ ዶሮም ብትሆን በየቀኑ አትጥልም። 80 በመቶ ብንል 160 እንቁላል ነው። አንዷ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ስለምትበላ የሁሉም 24 ኪሎ ይሆናል፤ ለአንድ እንቁላል 150 ግራም ማለት ነው። «መኖ ቢወደድስ?» ሲባል ሒሳብ የሠራችው «ኪሎው 10 ብር ቢጨምር አንዱ እንቁላል ላይ 1 ብር ከ50 ይጨምራል» ትላለች። ገዢው ይህን ይችል እንደሆነ ደግሞ ሱቆቹን ዞሮ የጠየቀው ልጅ ይቀጥላል። ሦስተኛው «ለማለት የፈለገችው...» ብሎ ጣልቃ ባይገባ ይመረጣል፤ መምህራን ይህን አይወዱም።

ለልምምድ ከቡድኑ ውጭ ያለ ጓደኛ ያፋጥጣችሁ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መናገር ያልቻላችሁበትን ስላይድ ከማቅረባችሁ በፊት አውጡት።