ለራሳችሁ 4 ስትሰጡ ማስረጃው የት ገጽ ላይ ነው?

የፊዚክስ ፕሮጀክታችሁን ጨርሳችኋል እንበል። መምህራችሁ የሰጧችሁ ሩብሪክ፣ ማለትም ነጥብ የሚሰጥበት ሰንጠረዥ፣ ፊታችሁ አለ። ብዙዎቻችን ከፍተኛውን ደረጃ እናነብና «አዎ፣ ይሄንን ሠርቻለሁ» ብለን 4 ላይ ምልክት እናደርጋለን። ችግሩ ምልክቱን ያደረግነው ከትዝታችን ተነስተን ነው። መምህሩ የሚያዩት ግን ወረቀቱን ብቻ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ጥያቄያችሁ «የፔንዱለም ክር ሲረዝም አንድ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። በሩብሪኩ «ልኬት» የሚለው ረድፍ አራት ደረጃ አለው፦

1. በቁጥር የተለካ ነገር የለም።
2. እያንዳንዱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተለክቷል።
3. እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ወጥቷል።
4. በተጨማሪም ልኬቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ታይቷል።

ከ4 አትጀምሩ። ከታች ጀምራችሁ ውጡ፤ በየደረጃው ማስረጃው ያለበትን ገጽ ጻፉ፤ ገጽ ያጣችሁበት ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ደብተራችሁ ላይ ለ10 ውዝዋዜ የተመዘገበው ይህ ነው፦ በ25 ሴ.ሜ. 10.1፣ 10.0 እና 10.3 ሰከንድ፤ በ50 ሴ.ሜ. 14.2፣ 14.1 እና 14.4፤ በ100 ሴ.ሜ. ግን 20.1 ብቻ። ደረጃ 3 «እያንዳንዱ» ስለሚል አንዱ መጉደሉ ያስቀራችኋል። ስለዚህ የምትጽፉት «ልኬት፦ 2። ገጽ 3፣ 100 ሴ.ሜ. አንዴ ብቻ ተለክቷል» ነው። ያማል፤ ግን መፍትሔውንም አብሮ ይነግራችኋል። ሁለት ተጨማሪ ልኬት ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አማካዩን ስታወጡ 3፣ የትልቁንና የትንሹን ልኬት ልዩነት ስትጨምሩ ደግሞ 4 ትደርሳላችሁ።

«ድምዳሜ» የሚለው ረድፍ የበለጠ ያታልላል። ደረጃ 3 «ድምዳሜው ከመረጃው ጋር ይስማማል» ይላል እንበል። እናንተ «ክሩ እጥፍ ሲሆን ጊዜውም እጥፍ ይሆናል» ብላችኋል። ዓረፍተ ነገሩን በራሳችሁ ቁጥር ፈትኑት። ከ50 ወደ 100 ሴ.ሜ. ስትሄዱ ጊዜው ከ14.2 ወደ 20.1 አደገ፤ ይህ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ጊዜው እጥፍ የሆነው ከ25 ወደ 100፣ ማለትም ክሩ አራት እጥፍ ሲረዝም ነው። የልኬታችሁ ሰንጠረዥ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ጊዜው የሚያድገው ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው።

አንዳንዱ ጉድለት ደግሞ አይጠገንም። ፔንዱለሙን የለቀቃችሁበትን አንግል ካልመዘገባችሁ አሁን ቁጥር ፈጥራችሁ አትሙሉት። «አንግሉ አልተመዘገበም፤ በጣም ሰፊ ከነበረ ጊዜውን በትንሹ ሊያረዝመው ይችላል» ብላችሁ በውስንነት ክፍል አስፍሩት።

«ብዙ ለፍቻለሁ» እና «ገብቶኛል» እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የገጽ ቁጥር የላቸውም።