ፓውንዱ ኪሎ ሲመስል
በአሜሪካ የነርሲንግ ተማሪዎች መልመጃ ላይ የልጁ ክብደት ብዙ ጊዜ በፓውንድ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ የሚሰላው ግን በኪሎ ነው። ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። 35.2 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል (እዚያ አሲታሚኖፌን ይሉታል) በኪሎ 15 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል። ክብደቱ ለ2.2 ሲካፈል 16 ኪሎ ይሆናል፤ በ15 ሲባዛ ደግሞ 240 ሚሊግራም። ሽሮፑ በየ5 ሚሊሊትሩ 160 ሚሊግራም ከያዘ፣ 240ን ለ160 አካፍሎ በ5 ማባዛት ነው፤ 7.5 ሚሊሊትር ይመጣል።

ፓውንዱን ሳይቀይር በቀጥታ በ15 ያባዛ ተማሪ ግን 528 ሚሊግራም፣ ማለትም 16.5 ሚሊሊትር ያገኛል። ከእጥፍ በላይ! ማባዛቱ ትክክል ስለሆነ ደግሞ ስህተቱ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ሽሮፑን ከመቅዳት በፊት የኪሎው ቁጥር ከፓውንዱ ግማሽ ማነሱን ማየት ያስፈልጋል።