ከትንሽ ቅድመ ጥናት የተገኘ ልይይትና የናሙና ብዛት

ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። አማካይን ለመገመት ስንት ናሙና እንደሚበቃ ስናሰላ፣ መደበኛ ልይይቱን የምናውቀው ከትንሽ ቅድመ ጥናት ብቻ ከሆነ ምን እናድርግ?

በምሳሌ እንየው። ከሰበታ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በተጂ ዙሪያ የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ልናጠና ተነሣን እንበል። ግምታችን ከእውነተኛው አማካይ ከ1 ኩንታል በላይ እንዳይርቅ፣ በዚህም 95 በመቶ እንድንተማመን እንሻለን። በ10 ማሳዎች ቅድመ ጥናት አድርገን መደበኛ ልይይቱን 5 ኩንታል አገኘን። የተለመደው ቀመር ይህ ነው፦

n = (1.96 × s / d)²

s ልይይቱ፣ d የምንፈቅደው ስሕተት ነው። ውጤቱ 96.04 ስለሚሆን ወደ ላይ አጠጋግተን 97 ማሳ እንላለን።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚያጠራጥረው 5 የሚለው ቁጥር ነው። እርሱም ራሱ ከናሙና የተገኘ ግምት ነውና። ምርቱ የኖርማል ሥርጭትን ቢከተል እንኳ፣ ከ10 ማሳ የሚሰላ ልይይት ከመቶው 56 ጊዜ ያህል ከእውነተኛው ያንሳል። እውነተኛው ልይይት 6.5 ቢሆን፣ በ97 ማሳ የምናገኘው የስሕተት ወሰን 1 ሳይሆን 1.29 ኩንታል ገደማ ነው። ይህን የምናውቀው ደግሞ እህሉ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማሳ ለመጨመር የሚቀጥለውን መኸር መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ለተማሪዎቼ የምመክረው፣ በ s ፈንታ የልይይቱን የ80 በመቶ የላይኛ ወሰን እንዲጠቀሙ ነው። ለ10 ማሳ የነጻነት ዲግሪው 9 ነው። ከካይ ስኩዌር ሠንጠረዥ፣ 20 በመቶው ከበታቹ የሚውልበትን ዋጋ 5.38 እናገኛለን። 9ን ለ5.38 አካፍለን፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት በ5 ስናባዛ 6.47 ይሆናል። በዚህ የሚፈለገው ናሙና 161 ማሳ ነው። ቅድመ ጥናቱ በ30 ማሳ ተደርጎ ያው 5 ኩንታል ቢገኝ ግን 124 ይበቃ ነበር። በቅድመ ጥናቱ ላይ የተጨመሩት 20 ማሳዎች ከዋናው ጥናት 37 ማሳ ቀነሱልን ማለት ነው።

ይህ መፍትሔ ግን የማያድነው ስሕተት አለ። አሥሩ ማሳዎች ሁሉ ከአንድ ሰፈር ከተወሰዱ፣ አፈራቸውና ዝናባቸው ስለሚመሳሰል ልይይቱ ከአካባቢው ሁሉ ልይይት ያንሳል። ሠንጠረዡ የዕድልን መዋዠቅ እንጂ የአመራረጥን አድልዎ አያርምም። ስለዚህ ቅድመ ጥናቱም እንደ ዋናው ጥናት ማሳዎቹን ከመላው አካባቢ በዕጣ ይምረጥ፤ ሪፖርቱም ልይይቱ ከስንት ማሳ እንደተገኘ ይግለጽ።