መርካቶ ሳይደርስ የመጣ መልስ

ሰኞ ጠዋት ከሐዋሳ ተደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል፣ ሒሳቡ ግን አልከፈት አለኝ» አለችኝ ገንዘብ ያዟ። ድርጅቱ መርካቶ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ያከፋፍላል፤ የሐዋሳውን ቅርንጫፍ ከከፈተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። የሒሳብ ሰርቨሩ ያለው መርካቶ ሲሆን አድራሻው 192.168.1.10 ነው። ሁለቱን ቢሮዎች ያገናኘሁት እኔው ስለሆንኩ የማማርርበት ሌላ ሰው አልነበረም።

«እህቴ፣ ጥቁሩን መስኮት ክፈቺና የምነግርሽን ጻፊ» አልኳት።

```
ping 192.168.1.10
```

መልስ መጣ፤ አራቱም ደህና ተመለሱ። ደስ ሊለኝ ሲል በየመስመሩ ጫፍ ያለውን አነበበችልኝ፦ time<1ms። ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ማለት ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንግዲህ ደርሶ መልሱ፣ መንገዱ እንደ ክር የቀና ቢሆን እንኳ፣ ከ2 ሚሊሰከንድ በታች ሊያልቅ አይችልም። መልስ የሰጠው መርካቶ ያለው ሰርቨር አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ማን ነው? ቢሮውን ስናስስ በሩ አጠገብ የተሰቀለው የጣት አሻራ ማሽን ሆኖ ተገኘ። ገመዱን ነቅላ እንደገና ስትሞክር ኮምፒውተሩ Destination host unreachable አለ፤ ይህን የሚለው ደግሞ ከራሱ ከኮምፒውተሩ አድራሻ ነበር። መልእክቱ ከሐዋሳው ቢሮ ግድግዳ አልወጣም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱንም ራውተሮች ከካርቶናቸው ሲወጡ ይዘውት በመጡት ቁጥር ትቻቸው ነበር፤ ስለዚህ መርካቶም 192.168.1፣ ሐዋሳም 192.168.1 ሆኑ። የቪፒኤኑ መብራት አረንጓዴ መሆኑ ያታልላል፤ ምክንያቱም ዋሻው የሚቆፈረው በሁለቱ ራውተሮች የውጭ አድራሻ መካከል ነው፤ የውስጡን ቁጥር አይጠይቅም። የሚጋጨው በዋሻው ውስጥ ማለፍ ያለበት ነው።

ግጭቱ እንዴት እንደሚፈጠር በቀድሞው የቀበሌ አድራሻ ማየት ይቀላል። «ቀበሌ 05፣ የቤት ቁጥር 10» የሚል ደብዳቤ ይዞ የወጣ ተላላኪ አለ እንበል። እሱ ራሱ የቀበሌ 05 ልጅ ከሆነ አውቶቡስ ተራ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ሰፈሩ ውስጥ ቤት ቁጥር 10ን ፈልጎ ይሰጣል። ሌላ ከተማም ቀበሌ 05 እንዳለ የሚነግረው የለም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። መልእክት ከመላኩ በፊት የተቀባዩን አድራሻ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። የፊተኞቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ከሆኑ «ጎረቤቴ ነው» ብሎ እዚያው ገመድ ላይ ይጣራል፤ የሚለዩ ከሆነ ብቻ ለራውተሩ ያስረክባል። ስንት ቁጥር ማነጻጸር እንዳለበት የሚነግረው ማስክ የሚባለው ነው፤ 255.255.255.0 ማለት «ሦስቱን እይ» ማለት ነው። ራውተሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ያልተሰጠውን መልእክት ወደ መርካቶ ሊያሻግር አይችልም።

ታዲያ ምን ቁጥር ይሻላል? ለውስጥ ኔትወርክ ማንም ሳያስፈቅድ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ሦስት ክልሎች አሉ፤ የተወሰኑትም በየካቲት 1996 እ.ኤ.አ. በወጣው RFC 1918 በሚባለው ሰነድ ነው። በ192.168 የሚጀምሩ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩ፣ እና በ10 የሚጀምሩ። ሰነዱ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ምክር አለው፤ ድርጅቶች ወደፊት ሲገናኙ እንዳይጋጩ ከነዚህ ክልሎች ውስጥ የሚወስዱትን በዘፈቀደ ይምረጡ ይላል። እኛ ግን ወይ ፋብሪካው የመረጠልንን እንተዋለን፣ ወይ 10.0.0 እና 10.10.10 የመሰለ ለዓይን ያማረ ቁጥር እንወስዳለን። ሌላውም የሚያምረው ያው ነው።

192.168ን ለቢሮ እኔ ትቼዋለሁ። በየቤቱ፣ በየካፌውና በየሆቴሉ ያለው ራውተር ከዚያው የተቀዳ ነው፦ 192.168.0፣ 192.168.1፣ ማይክሮቲክ ከሆነ 192.168.88። ለሁለት ቅርንጫፎች የተለያየ ቁጥር ብሰጥ እንኳ፣ የሒሳብ ሹሟ ማታ ከቤቷ በቪፒኤን ስትገባ የቤቷ ዋይፋይ 192.168.1 ከሆነ የሐዋሳው ችግር ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ቅርንጫፍ ሲባል ባለ ታፔላው ብቻ አይደለም። መካከለኛው ክልልም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ዶከር የተባለው ሶፍትዌር እንደተጫነ 172.17ን ይይዛል፤ አይፎን ኢንተርኔት ሲያጋራ 172.20.10ን ያድላል። የሚቀረው 10 ነው፤ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ያለበት ሰፊ ሜዳ።

ሁለተኛውን ቁጥር በዕጣ አወጣሁት። ከ0 እስከ 255 ካለው 83 ወጣ፤ ድርጅቱ በሙሉ 10.83 ሆነ ማለት ነው። ነገ ሌላ ድርጅት አብሮን ሊሠራ ቢመጣና እሱም በዕጣ የመረጠ ቢሆን፣ የመጋጨታችን ዕድል ከ256 አንድ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር የቅርንጫፉ ነው። እዚህ ላይ ቸኩሎ መርካቶን 1፣ ሐዋሳን 2 ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን መርካቶ ነገ ለካሜራዎቹ የተለየ፣ ለእንግዳ ዋይፋይም የተለየ ክልል ሲፈልግ 2 ተይዟል፤ 3 ለአዳማ፣ 4 ለመርካቶ ካሜራ እየሆነ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ 16 ተከታታይ ቁጥር ሰጠሁ። ከ0 እስከ 15 ያለውን ለዋሻዎቹና ከቤት ለሚገቡ ሠራተኞች አስቀረሁ። መርካቶ ከ16 እስከ 31፣ ሐዋሳ ከ32 እስከ 47 ያዙ፤ ከ48 እስከ 63 ያለው ቀጥሎ ለሚከፈተው ይጠብቃል። የሐዋሳው ራውተር ስለ መርካቶ ማወቅ ያለበት አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
10.83.16.0/20
```

መርካቶ ውስጥ አሥር ዓይነት ክልል ቢፈጠርም ይህ መስመር አይነካም። «አሥር አሥር ብታደርገው ለማስታወስ አይቀልም?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ይቀላል፤ ግን ማስክ የሚቆርጠው በእጥፍ በእጥፍ ነው፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ከ10 እስከ 19 ያለውን በአንድ መስመር መጻፍ አይቻልም፤ 10 እና 11 ለብቻ፣ ከ12 እስከ 15 ለብቻ፣ ከ16 እስከ 19 ለብቻ፣ ሦስት መስመር ይሆናል። በየራውተሩ ሦስት ሦስት ሲጻፍ አንዷ የምትረሳበት ቀን ይመጣል።

በየቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ቀላል ነው። መርካቶ ላይ 10.83.16 ለኮምፒውተሮች፣ 10.83.17 ለካሜራና ለአሻራ ማሽን፣ 10.83.18 ለእንግዳ ስልክ። ሐዋሳም በ32፣ በ33 እና በ34 ያንኑ ሥርዓት ይከተላል።

አሁን ስለ አንድ ወጥመድ ልናገር፤ እኔም ገብቼበታለሁ። ዊንዶውስ ላይ በእጅ በ10 የሚጀምር አድራሻ ሲጻፍ የማስኩ ሳጥን ራሱ 255.0.0.0 ይሞላል። ይህ «አንዱን ቁጥር ብቻ እይ» ማለት ነው፤ በ10 የሚጀምር ሁሉ ጎረቤት ይመስለዋል፣ ሐዋሳም መርካቶም አንድ ሰፈር ይሆንበታል። የድካሙ ሁሉ ውጤት በዚያች ሳጥን ይጠፋል። ምልክቱም ግራ ያጋባል፤ ያ ኮምፒውተር ከቢሮው ጋር ይነጋገራል፣ ኢንተርኔትም ይከፍታል፣ ሌላውን ቅርንጫፍ ብቻ አያይም። 255.255.255.0 ብሎ ማረም ነው።

መጀመሪያ የቀየርነው ሐዋሳን ነው፤ ያሉት ሰባት ዕቃዎች ብቻ ስለነበሩ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አንዱ ወገን ከተለየ ግንኙነቱ ይሠራልና ሒሳቡ በዚያው ዕለት ተከፈተ። ping ስናደርግም ቁጥሩ ወደ ሁለት አኃዝ ወጣ፤ መዘግየቱ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የሒሳብ ሹሟ የቤት ዋይፋይ ግን አልተለወጠም፤ ስለዚህ መርካቶም መቀየር ነበረበት።

መርካቶን በአንድ ሌሊት አልነቀልነውም። ቅዳሜ ራውተሩ ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያከራይበትን ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ አንድ ሰዓት አሳጠርነው፤ እሑድ ጠዋት አዲሱን ክልል ስናስገባ በራሳቸው የሚቀበሉት ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዞሩ። ራውተሩ ላይ አሮጌውን አድራሻ ሳናጠፋ አዲሱን ደረብንበት፦

```
/ip address add address=10.83.16.1/24 interface=bridge
```

ይህ የማይክሮቲክ አጻጻፍ ነው። በዚያው ገመድ ላይ አሮጌውም አዲሱም ቁጥር ይሠራል፤ ፕሪንተሩ ገና ባይዞርም አይዘጋም። የሚያደክሙት ቁጥራቸው በእጅ የተጻፈባቸው ናቸው፦ ፕሪንተሮቹና በየኮምፒውተሩ የተመዘገበው የፕሪንተር ፖርት፣ የካሜራው መቅጃ፣ ሰርቨሩ፣ በዴስክቶፕ ላይ በቁጥር የተሠሩ አቋራጮች። አቋራጮቹን ሁሉ ከቁጥር ወደ ሰርቨሩ ስም ለወጥናቸው፤ ቀድሞውኑ በስም ቢሠሩ ኖሮ ግማሹ ድካም ባልነበረ።

ለማይለቅ ሰው ሌላ መላ አለ። ራውተሮቹ የሐዋሳንም የመርካቶንም 192.168.1 በዋሻው ውስጥ ሲያልፍ የተለያየ ሌላ ቁጥር ያለብሱታል፤ እያንዳንዱ ወገን የሚያየው የሌላውን ጭምብል ነው። ይሠራል። ግን እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፤ ሰው ሲደውል «የትኛውን 10?» እያሉ መጠየቅ ይጀመራል፤ አድራሻቸውን በመልእክታቸው ውስጥ የሚጽፉ ፕሮግራሞችም ይሰናከላሉ። ይህን መላ የማስቀምጠው ለሌላ ሰው ኔትወርክ ድንበር ነው። 10ን በሙሉ የያዘ ትልቅ ድርጅት ጋር መገናኘት ቢመጣ ዕጣዬ አያድነኝም፤ ያኔ በዚያች አንዲት በር ላይ ጭምብል አደርጋለሁ።

አሮጌውን አድራሻ ራውተሩ ላይ ለአንድ ወር ተውኩት። በየሳምንቱ ገብቼ በ192.168.1 አሁንም የሚጣራ ማን እንደሆነ አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ነበሩ፣ በሁለተኛው ሁለት። አንደኛው ጋሼ ቤታቸው ሆነው መጋዘኑን የሚያዩበት የካሜራ መቅጃ ነበር። የመጨረሻው ቀሪ የመርካቶው የአሻራ ማሽን ሆነ፤ የተከለው ልጅ ሥራ ለቅቋል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። ደፍሬ ወደ ፋብሪካው ቅንብር እንዳልመልሰው የስድሳ ሠራተኛ ጣት ውስጡ ተመዝግቧል። እስከዛሬ እዚያው አለ፤ ራውተሩም ለእሱ ሲል አሮጌውን ቁጥር ተሸክሟል።